«ጎደለ» ወይስ «ተወሰደ»? አድራጊው ስሙ ሳይነሣ ቃለ ጉባኤና ማመልከቻ ስንጽፍ

(በልደታ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)

ባለፈው ስብሰባ ከመካከላችሁ አንዷ «የሰው ስም ላለመጥራት ብለን ሁሉን ነገር ‹ተደረገ፣ ተባለ፣ ተወሰደ› እያልን እንጽፋለን፤ ግን አንባቢው ማን እንደ ሆነ ያውቀዋል። ታዲያ ምን ጠቀመን?» ብላ ጠይቃን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ዛሬ የምንናገረው በእሱ ላይ ብቻ ነው። ስለ ሰዋስው ለማስተማር ብለን አይደለም። እኛ ሦስታችን የማኅበሩን ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ እየተቀበልን በንጹሕ የምንገለብጥ ስለ ሆንን፣ አንድ ግስ እንዴት አንዲትን ሴት በሰፈር ሊያስጠራት እንደሚችል በየወሩ እናያለን።

ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነውን ለማስታወስ ያህል፦ «ወሰደ» አድራጊ ግስ ነው፤ ማን እንደ ወሰደ ይናገራል። «ተወሰደ» ተደራጊ ነው፤ የተወሰደውን ነገር አስቀድሞ ወሳጁን ይተወዋል። መጽሐፎቹ ገቢርና ተገብሮ ይሉታል። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው የያዘው ደንብ «ስም እንዳይነሣ ከፈለግህ ‹ተ›ን ጨምር» የሚል ነው። ይህ ደንብ ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ ግን ያስወቅሳል። ለምን እንደሚያስወቅስ በአንድ ጉዳይ እንየው።

ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ የቁጠባ ሳጥናችን ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስቱም በሦስት ሰው እጅ ናቸው። በየካቲት ወር ቆጠራ ላይ መዝገቡ 48,650 ብር ሲል ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው 44,350 ብር ነበር። ልዩነቱ 4,300 ብር ነው። በዚያ ቀን ተጽፎ ወደ እኛ የመጣው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ገንዘብ ያዧ ሳጥኑን ከፍታ ስትቆጥር ብር 4,300 አጉድላ ተገኝታለች። ገንዘቡን መውሰዷ ስለሚጠረጠር ጉዳዩ እንዲጣራ ተወስኗል።»

ይህን ማንም ሰው ቢያነበው ገንዘብ ያዧን ሌባ አድርጎ ይወስዳታል። «አጎደለች» ማለት ደግሞ ቀላል ቃል አይደለም፤ «እምነት ማጉደል» በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥ ራሱን የቻለ የወንጀል ስም ነው። በቆጠራው ቀን የታወቀው ግን የገንዘቡ መጠን ማነሱ ብቻ ነበር። ማን እንዳሳነሰው፣ ወይም ጭራሹን ያሳነሰው ሰው ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ረቂቁ ስሟ እንዳይነሣ ተደርጎ እንዲጻፍ ተጠየቀ፤ አንዲት አባል በጎ አስባ እንዲህ አስተካክላ አመጣችው፦

«ሳጥኑን ከፍታ ሲቆጠር ብር 4,300 ተወስዶ ተገኝቷል። ገንዘቡን መውሰዷ ስለሚጠረጠር ጉዳዩ እንዲጣራ ተወስኗል።»

«ገንዘብ ያዧ» የሚለው ጠፍቷል። «አጉድላ» የሚለውም ወደ «ተወስዶ» ተለውጧል። ነገር ግን ሴትየዋ አሁንም እዚያው ናት። እስቲ የት እንዳለች እንፈልጋት።

አንደኛዋ «ከፍታ» ውስጥ ናት። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግሳችን ባለቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል። «ከፍቶ» ስንል ወንድ፣ «ከፍታ» ስንል ሴት፣ «ከፍተው» ስንል ብዙ ሰው ወይም አንቱ የምንለው ሰው ነው። ዋናውን ግስ «ተገኝቷል» ብለን ብንለውጠውም ከፊቱ ያለውን ካልለወጥነው ሴትየዋ በዚያ በኩል ትወጣለች። ደግሞ ዐረፍተ ነገሩም ይሰበራል፤ የከፈተችው እሷ፣ የተገኘው ብሩ፣ መካከሉ ላይ የሚያገናኛቸው የለም። እንዲህ ዓይነት ነገር ስታዩ ከፊት ያሉትን ግሶች ሁሉ አብራችሁ ማዞር አለባችሁ፦ «ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ገንዘቡ ተቆጥሮ፣ ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ» እስከ መጨረሻው ድረስ።

ሁለተኛዋ «መውሰዷ» ውስጥ ናት። ይህኛው የበለጠ የሚያመልጥ ነው፤ ምክንያቱም ስም ይመስላል እንጂ ግስ አይመስልም። «መውሰድ»፣ «መክፈት»፣ «መቅረት» የመሳሰሉት መጨረሻቸው ላይ «ዋ» ወይም «ኡ» ወይም «ቸው» ሲጨመርባቸው ባለቤታቸውን ይናገራሉ። «መውሰዷ» የሷ፣ «መውሰዳቸው» የእሳቸው። የተደራጊው መልክ «መወሰዱ» ነው፤ የብሩ መወሰድ ማለት ነው። በአጻጻፍ ልዩነቱ አንዲት «ው» ወደ «ወ» መለወጧና የጭራው መለወጥ ብቻ ነው፤ በአነባበብ ግን አንዱ ሰው ይከሳል፣ ሌላው አይከስም።

ሦስተኛው ነገር «ስለሚጠረጠር» ነው። እዚህ ላይ የተደበቀችው ተጠርጣሪዋ አይደለችም። የተደበቀው የጠረጠረው ሰው ነው። ማን ነው የጠረጠረው? ጉባኤው ነው? አንዲት ሴት ናት? ሁለት ሰው በመመለሻቸው ላይ ያወሩት ነው? «ይጠረጠራል»፣ «ይነገራል»፣ «ተብሏል» የሚሉት ግሶች ከሳሹን ከኃላፊነት ነፃ አውጥተው ክሱን እዚያው ይተዉታል። በእኛ አስተያየት ይህ የተደራጊ ግስ መጥፎ አጠቃቀሙ ነው፤ ለተከሳሽ ብሎ የተፈጠረ መሸፈኛ ለከሳሽ ሲሆን። ጉባኤው መጠርጠሩን በድምፅ ካልወሰነ ዐረፍተ ነገሩ መውጣት አለበት፤ ከወሰነም «ጉባኤው ጠረጠረ» ብሎ በአድራጊ ግስ መፈረም አለበት።

አራተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ «ተወስዶ» ራሱ ነው። የወሳጇን ስም አልጠራም፤ ወሳጅ መኖሩን ግን አረጋግጧል። «ተወሰደ» ሲባል የወሰደ ሰው አለ ማለት ነው፣ ስሙ ብቻ አልተነገረም። ከዚያ በኋላ አንባቢው ሥራው አጭር ነው፤ ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ያለው ሦስት ሰው ጋ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ አብረው ካልተባበሩ የማይከፈት ሳጥን ስለ ሆነ፣ በአንድ «ተ» ሦስት ሴቶች ተከሰሱ ማለት ነው። አንዷን ለማዳን ተብሎ ሦስት።

እንግዲህ «ተ»ን መጨመር ያልበቃው ለዚህ ነው። ታዲያ ምን ይጻፍ?

ቋንቋችን አንድ ሌላ መንገድ አለው፤ ልብ ሳንለው ቀኑን ሙሉ የምንጠቀምበት ነው። «ጎደለ፣ ጠፋ፣ ዘገየ፣ ቀረ፣ ፈረሰ፣ ደረሰ» እንላለን። እነዚህ ግሶች «ተ» የላቸውም፤ መልካቸው የአድራጊ ነው። ነገር ግን ሌላ ሰው የሚነካ ሥራ አይሠሩም፤ ነገሩ በራሱ ላይ የሆነውን ብቻ ይናገራሉ። አድራጊ ሲያስፈልግ በአብዛኞቹ ላይ «አ» እንጨምራለን፦ ጎደለ፣ አጎደለ፤ ዘገየ፣ አዘገየ፤ ፈረሰ፣ አፈረሰ። «ብር 4,300 ጎደለ» ስንል ወሳጅ አለም የለምም አላልንም። ቆጠራ መሳሳት ሊሆን ይችላል፣ መዝገብ ላይ ያልገባ ወጪ ሊሆን ይችላል፣ ስርቆትም ሊሆን ይችላል። የምናውቀውን ያህል ብቻ ተናገርን።

የልደታ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ስንቱ ጎረቤታችን «ቤታችን ፈረሰ» አለ። ማን እንዳፈረሰው ሰሚው ያውቀዋል፤ መናገር አላስፈለገም። በሐዘን መካከል ያለ ሰው ግን «ፈረሰብን» ይላል። ይህቺን «ብን» በኋላ እንመለስባታለን።

በመጨረሻ የጻፍነው ቃለ ጉባኤ ይህ ነው፦

«የቁጥጥር ኮሚቴው ሦስቱም ቁልፍ ያዦች ባሉበት ሳጥኑን ከፍቶ ቆጠረ። በመዝገቡ ብር 48,650 ሊኖር ሲገባ በሳጥኑ የተገኘው ብር 44,350 ነው። ብር 4,300 ጎድሏል። የጎደለበት ምክንያት በዕለቱ አልታወቀም። ጉባኤው የቁጥጥር ኮሚቴው መዝገቡንና ደረሰኞቹን መርምሮ እስከ ሚያዝያ 5 ቀን እንዲያቀርብ ወሰነ።»

ልብ በሉ፤ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አብዛኛው በአድራጊ ግስ የተጻፈ ነው። «ኮሚቴው ከፍቶ ቆጠረ»፣ «ጉባኤው ወሰነ»። የሚታወቀውንና ማንም የማያፍርበትን ሥራ በባለቤቱ ስም ጻፍነው፤ ያልታወቀውን ብቻ ያለ ባለቤት ተውነው። ሁሉን ነገር ወደ ተደራጊ ብንለውጠው ኖሮ («ተከፍቶ፣ ተቆጥሮ፣ ተወስኖ») ማን እንደ ቆጠረ ጠፍቶ ቆጠራው ራሱ የማይታመን ይሆን ነበር። ስለ አንድ ሰው ዝም ለማለት ስለ ሁሉም ሰው ዝም ማለት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሌላው ሁሉ ግልጽ ሲሆን ነው የቀረው ዝምታ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ የሚታወቀውና የሚከበረው።

ኮሚቴው ሲመረምር ለአንዲት አባል ልጇ በታመመ ጊዜ በአስቸኳይ የተሰጠ የ2,500 ብር ብድር ደረሰኙ ተገኝቶ መዝገብ ላይ አለመግባቱ ታወቀ። የቀረው 1,800 ብር እስከ ዛሬ «ጎድሏል» እንደ ተባለ ነው። «ተወስዷል» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 2,500ውን ብር ወሰዱ የተባሉት ሦስት ሴቶች በየትኛው ቃለ ጉባኤ ይቅርታ እንደሚጠየቁ አናውቅም።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ‹ወሰዱት› ብንልስ? በአማርኛ ‹ወሰዱት፣ አሉ፣ ነገሩን› ሲባል እኮ ማንም ላይ አይደለም» ትላላችሁ። በንግግር እውነት ነው። «መንገዱን ዘጉት» ሲባል ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። በጽሑፍ ግን፣ በተለይ በእኛ ማኅበር፣ አደጋ አለው። «ወስደዋል» የብዙ ሰው ብቻ አይደለም፤ የአንቱታም ነው። በማኅበራችን ውስጥ አንቱ የምንላቸው እናቶች ጥቂት ናቸው፤ አንዷም ቁልፍ ያዥ ናቸው። «ገንዘቡን ከሳጥኑ ወስደዋል» ብሎ የጻፈ ሰው ማንንም አልጠራሁም ብሎ ሲያስብ፣ አንባቢዋ «እትዬ እንትና እኮ ናቸው» ትላለች። በጽሑፍ ላይ የድምፅ ቃና የለምና የትኛው «ዋል» እንደ ሆነ የሚለይበት ነገር የለውም። ስለዚህ በደብዳቤ ውስጥ ያለ ባለቤት የቆመ የብዙ ቁጥር ግስ አንጠቀምም።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ጉዳይ እንለፍ። በመጀመሪያው ጉዳይ አድራጊው ያልተጠራው ስላልታወቀ ነው። አንዳንዴ ግን ይታወቃል፤ ደግሞ እውነት ተናጋሪ ነው፤ ስሙ ከወጣ ግን ይጎዳል። የእንጀራ መጋገሪያ ሼዳችን በታሸገ ጊዜ የሆነው ይህ ነበር። ሼዱ ሲታሸግ ያየችው አንድ አባላችን ብቻ ናት፤ ቤቷ ከሼዱ ፊት ለፊት ነው። ማሸጊያው ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በፊት መለጠፉን ያረጋገጠችውም እሷ ናት። እሷ ግን የምትኖረው በኪራይ ነው፤ ስሟ በማመልከቻ ላይ እንዳይወጣ ለመነችን። የቀረበው ረቂቅ ይህ ነበር፦

«ከሼዱ ፊት ለፊት የምትኖር አባላችን እንዳየችው ሼዱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በጽሕፈት ቤቱ ታሸገ።»

ስም የለም፤ ግን ከሼዱ ፊት ለፊት ያለው ቤት ስንት ነው? አንድ። ሰውን በስሙ ብቻ አይደለም የምንጠራው፤ በቤቱ፣ በሥራው፣ በጾታው፣ ባየበት ሰዓት እንጠራዋለን። ይህ ችግር በተደራጊ ግስ አይፈታም። «ከሼዱ ፊት ለፊት ካለው ቤት ታይቷል» ብንል ያው ነው።

እዚህ ላይ የሚሻለው ተደራጊ ሳይሆን ባለቤቱን መቀየር ነው። ማኅበሩ ራሱ ይናገር፦ «ማኅበሩ እንዳረጋገጠው ሼዱ የታሸገው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የደረሰን ግን በዚያው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።» ይህ በአድራጊ ግስ የተጻፈ ነው፤ ባለቤትም አለው፤ ባለቤቱም ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ቃሉን በማኅተሙ ይይዘዋል፤ የሷን ስም ከመጥራት ይልቅ የራሳችንን እናስቀድማለን ማለት ነው። ነገር ግን ማኅበሩ «አረጋግጧል» ለማለት በእርግጥ ማረጋገጥ አለበት። እኛ የማሸጊያውን ወረቀት ፎቶ አየን፣ የደብዳቤውን መላኪያ መዝገብ አየን፣ ከዚያ በኋላ ነው «አረጋግጧል» ብለን የጻፍነው። ባናይ ኖሮ «ማኅበሩ መረጃ ደርሶታል» ብቻ ነበር የምንጽፈው። «ደረሰ» ላኪውን ሳይጠራ የሚቆም ግስ ነው፤ «ተነገረን» ግን «ማን ነገራችሁ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ያስከትላል። እስካሁን ስንት ደብዳቤ ላይ ይህ ጥያቄ በቢሮ ውስጥ በጠረጴዛው ማዶ ቆመን ሳለ እንደተጠየቅን አትጠይቁን።

በዚያው ረቂቅ ውስጥ «በጽሕፈት ቤቱ ታሸገ» የሚለውንም ተመልከቱት። «በ» በአማርኛ ብዙ ሥራ አለባት። «በጽሕፈት ቤቱ ተወሰነ» ሲባል ጽሕፈት ቤቱ ወሰነ ማለት ነው ወይስ እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ወሰነ? ሁለቱም ይሆናል። አድራጊውን መጥራት ካልፈለግን «በ»ን ጭራሽ መተው ነው፤ መጥራት ከፈለግን ደግሞ ተደራጊውን ትተን «ጽሕፈት ቤቱ አሸገ» ብለን በግልጽ እንጻፈው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ፣ ማለትም ተደራጊ ግስ ከ«በ» ጋር፣ የጠራንም ያልጠራንም አስመስሎ ያስቀረናል። በእኛ ጉዳይ ያሸገው ሠራተኛ ማን እንደሆነ አላወቅንም፤ ከየትኛው ክፍል እንደመጣም አላወቅንም፤ ስለዚህ «በ»ዋ ወጣች።

አሁን ያቆየናት «ብን» ትምጣ። አድራጊውን ስንተወው አንድ ሌላ ሰው አብሮ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ አለብን፤ እሱም የተጎዳው ነው። «ሼዱ ታሸገ» ሲባል ሼዱ ብቻ ነው የሚታየው፤ እንጀራ የሚጋግሩት አሥራ አንዱ ሴቶች አይታዩም። «ሼዱ ታሸገብን» ሲባል ግን አድራጊው ሳይጠራ ተጎጂው ገባ። ይህ ቋንቋችን የሰጠን ትልቅ ነገር ነው። «ተወሰደብን፣ ተዘጋብን፣ ተቋረጠብን» ጉዳት ነው፤ «ተሰጠልን፣ ተከፈተልን፣ ታደሰልን» ጥቅም ነው። ልዩነቱን ለማየት በደርግ ዘመን በሬዲዮ ይነገር የነበረውን «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶባቸዋል» የሚለውን አነጋገር አስቡት። ወሳጁ አልተጠራም፣ ሥራው «እርምጃ» ተብሎ ተሸፍኗል፤ ግን «ባቸው» የምትለው ቃል ሟቾቹን መደበቅ አልቻለችም። የሚሰማው ሰው ሁሉን የሚረዳው በእሷ ነበር።

የውጭውም ዓለም ከዚህ አልተለየም። በ1987 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬጋን ለኢራን ስለተሸጠው መሣሪያ ለምክር ቤታቸው ሲናገሩ ከባድ ስሕተቶች ተሠርተዋል አሉ። ማን እንደሠራ ግን አልነበረበትም። እስከ ዛሬ አሜሪካኖች የሚሳለቁበት አነጋገር ሆኗል። ይህን ያነሣነው ለመሳቅ አይደለም። ሥልጣን ያለው ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲናገር በተደራጊ ግስ ቢደበቅና አቅም የሌላት ሴት ስለ ጎረቤቷ ስትናገር በተደራጊ ግስ ብትሸፍናት አንድ ዓይነት ሰዋስው ነው፤ ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስለዚህ ረቂቅ ሲመጣልን «ተ»ዋን ከማየታችን በፊት የምንጠይቀው የተሸፈነው ሰው ማን ነው፣ ሸፋኙስ ማን ነው የሚለውን ነው። የኮሚቴ አባል ስለ ራሷ ሥራ «ሪፖርቱ ሳይቀርብ ቀርቷል» ብላ ከጻፈች እንመልስላታለን፤ «ሪፖርቱን አላቀረብኩም» ብላ ትጽፋለች።

ስለ ልመናው ክፍል አጭር ነገር እንናገር። ማመልከቻዎቻችን ሁሉ የሚያልቁት «ጉዳዩ ታይቶ አስፈላጊው እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን» በሚል ነው። ማን እንዲያይ? ማን እንዲያደርግ? እዚህ ላይ ስም መደበቅ ማንንም አይጠብቅም፤ ራሳችንን ብቻ ይጎዳል። ስለ ያለፈው ዝም ማለት እንችላለን፤ ስለሚመጣው ግን ሠሪው ካልታወቀ አይሠራም። በሼዱ ማመልከቻ ላይ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የተጻፈው «ጽሕፈት ቤቱ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሳይደርስ የተለጠፈውን ማሸጊያ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያነሣልን፣ ካላነሣም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን» ተብሎ ነው። ወቀሳው ያለ ስም፣ ጥያቄው በስም። በጉልበት ልትሉት ትችላላችሁ፤ ግን ያው አንድ ስድብ የለበትም።

አንድ ወሰን ደግሞ አለ። እኛ ልደታ ነን፤ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ በእግራችን ነው፤ አንዳንዴ ጉዳያችን እዚያ ይደርሳል። ያን ጊዜ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ የሚጻፍበት ልማድ አይሠራም። በወንጀል ክስ ላይ የተከሳሹ ስም፣ ጊዜውና ቦታው መጠቀስ አለበት፤ «ተወስዷል» ተብሎ ሰው አይከሰስም። ምስክር ስሟ እንዲጠበቅ ብትፈልግም እዚያ ያለው መንገድ የግስ መልክ መቀየር አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ማንነትን መደበቅን ከጥበቃዎቹ አንዱ አድርጎ ደንግጓል፤ የሚወስነውም ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው። ከፍርድ ቤቱ በር ያሉት ራፖር ጻፊዎችም ሆኑ እኛ በ«ተ» ልናደርገው አንችልም። ስለዚህ ጉዳዩ ወደዚያ የሚሄድ ከመሰላችሁ ረቂቁ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት የሕግ ባለሙያ ይየው።

ከዚህ በኋላ ረቂቅ ስታመጡልን የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስሙ እንዲነሣ የማትፈልጉት ሰው ካለ በረቂቁ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ምክንያቱን ጻፉልን፦ አልታወቀም፣ ወይም አልተረጋገጠም፣ ወይም ይጎዳል። ሦስቱ አንድ ዓይነት አጻጻፍ አይፈልጉም። ያልታወቀውን በ«ጎደለ» ዓይነት ግስ እንጽፈዋለን፤ ያልተረጋገጠውን እስኪረጋገጥ ጭራሽ አንጽፈውም፤ የሚጎዳውን በማኅበሩ ስም እንወስደዋለን። ምልክት የሌለበት ረቂቅ ሲመጣ ግን ማን ምን እንዳደረገ በግልጽ እንጽፋለን።

የሼዱ ማመልከቻ ቅጂ ከመዝገብ ክፍሉ ተመላሽ ማኅተም ተደርጎበት በጽሕፈት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ የምትፈልጉ ስብሰባው ሲያልቅ ማየት ትችላላችሁ። ጥያቄ ካላችሁ አሁን እንቀበላለን።